ከቅባት ማዕድ በኋላ የሚመጣው የሐሞት ጠጠር ሕመም

በትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴው አብቅቶ ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ይሆናል። 55 ቀን ሥጋም ቅቤም ሳይቀምስ የከረመ ቤተሰብ ማዕድ ይከባል፤ ቅቤው ከላይ የሰፈፈበት ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ ይቀርባል፤ አይቡም ከጎኑ ይወጣል። አብዛኛው ሰው ጥግብ ብሎ ይተኛል። አንዳንዱ ግን አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ ሳይሞላው ከደረቱ አጥንት ሥር ጨምድዶ በያዘው ሕመም ነቅቶ ይቀመጣል። የቤቱም ፍርድ ወዲያው ይሰጣል፤ «ጨጓራ ነው፤ ጾም ከርሞ ቅቤ ሲገባበት ነው»።

ጨጓራ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የሐሞት ጠጠር የሚሆንበትም ጊዜ ብዙ ነው። ሁለቱ የሚያሙበት ቦታ በጣም ስለሚቀራረብ ሕመምተኛው በእጁ ጠቁሞ ሊለያቸው አይችልም። ከቦታው ይልቅ የሚረዳው ሰዓቱ ነው። ሕመሙ ከምግብ በኋላ በስንት ሰዓት ጀመረ? እስኪበረታ ምን ያህል ፈጀ? ስንት ሰዓት ቆየ? ተጠራርጎ ሄደ ወይስ እያንገበገበ ቀረ? ቤት ውስጥ ሆኖ መጠበቅ የሚቻልበትንና ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ የሚገባበትን ጊዜ የሚለየውም ይኸው ሰዓት ነው።

ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው። በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ ያመነጫል። ምግብ በሌለበት ሰዓት የዚህ ፈሳሽ አንድ ክፍል ከጉበት ሥር በተለጠፈች ትንሽ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ይጠራቀማል። ከረጢቷ የምትይዘው ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ የቡና ሲኒ የማይበልጥ ነው፤ ውሃውን እየመጠጠች ሐሞቱን ታወፍረዋለች። ቅባት ያለው ምግብ ከጨጓራ አልፎ ወደ ትንሹ አንጀት ሲደርስ የአንጀቱ ግድግዳ ኮሌሲስቶካይኒን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። ያ ሆርሞን ለከረጢቷ የሚያመጣው ትእዛዝ አንድ ነው፤ ተጨመቂ፣ ሐሞቱን አፍስሺ። ሐሞቱ ወደ አንጀት ይወርድና ቅባቱን በታትኖ እንዲፈጭ ያግዛል።

ይህን ትእዛዝ በብርቱ ከሚቀሰቅሱት ምግቦች አንዱ የእንቁላል አስኳል ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የሐሞት ከረጢት ምን ያህል እንደሚጨመቅ በራጅ ለማየት የፈለጉ ሐኪሞች ለሰዎቹ ያበሉት የእንቁላል አስኳልና የወተት ክሬም ነበር፤ ያጠናው ሰው ስም ተሰጥቶት የቦይደን ምግብ ይባላል። ከነእንቁላሉ በቅቤ የተሠራ ዶሮ ወጥ በሌሊት የበላ ሰው ሳያውቀው ያንኑ ምርመራ በራሱ ላይ አካሄደ ማለት ይቻላል።

በከረጢቷ ውስጥ ጠጠር ከሌለ ይህ ሁሉ ሳይሰማን ያልፋል። ጠጠር ካለ ግን ከረጢቷ ስትጨመቅ ጠጠሩ ተገፍቶ አንገቷ ላይ ይሰነቀራል፤ ብይ የጠርሙስ አንገት ላይ ገብቶ እንደሚቀረቀር ማለት ነው። ከረጢቷ መጨመቋን አታቆምም፤ ውስጧ ያለው ሐሞት መውጫ ያጣል፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሕመሙ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሆርሞኑ ቀንሶ ከረጢቷ ስትላላ ጠጠሩ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሕመሙም አብሮ ይለቃል። የሰዓቱ ነገር በሙሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ጠጠሩ ራሱ በአንድ ማዕድ አይፈጠርም፤ ወራትና ዓመታት ይወስዳል። በሐሞት ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ሲበዛና ከረጢቷ በደንብ ሳትጨመቅ ስትቆይ ጥቃቅን ክሪስታል ይሠራል፤ ያ ቀስ በቀስ ይጠጥራል። ሴቶች፣ በተለይም ደጋግመው የወለዱ፣ ከ40 ዓመት ያለፉ፣ ውፍረት ያላቸው፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ የቀነሱ፣ ወላጅ ወይም እህት ወንድም በዚህ የታመመባቸው ይበልጥ ይጋለጣሉ። ቀጭን ወጣት ወንድም ግን አይዘውም ማለት አይደለም። ስለዚህ በፋሲካ ሌሊት የታመመ ሰው ጠጠሩን ያመጣበት ፋሲካው አይደለም፤ ማዕዱ ቀድሞ የነበረውን ገለጠው እንጂ። ቅቤ ብቻ ተጠያቂ አድርጎ ዘይትን ነጻ ማውጣትም ስሕተት ነው። በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳም በጾም ቀን ያንኑ ሆርሞን ይቀሰቅሳል።

አሁን አንዲት እናት እንውሰድ። ሐኪሞች ደጋግመው ከሚሰሙት ታሪክ የተቀነባበረች ምሳሌ ናት እንጂ አንድ የተለየ ሰው አይደለችም። ዕድሜዋ 43፣ የሦስት ልጆች እናት፤ ከዚህ በፊት ይህ ነው የሚባል ሕመም አያውቃትም። በፋሲካ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በላች። አሥር ሰዓት ተኩል አልፎ ከእምብርቷ በላይ፣ ከደረቷ አጥንት በታች የመክበድ ስሜት ተሰማት። መጀመሪያ አየር የሞላት መሰላት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግን ሕመሙ እየጨመረ ሄዶ ትንፋሿን የሚያሳጥር ሆነ፤ ወደ ቀኝ ጎድኗ ሥር ዞሮ በስተጀርባ ከቀኝ ትከሻዋ በታች ወጣ። ብትተኛ አልተሻላትም፤ ብትነሣ፣ ብትጎነበስ፣ በግራ ብትዞር ያው ነው። ሁለት ጊዜ አስመለሳት፤ ካስመለሰች በኋላም አልቀለላትም። እየመጣ የሚሄድ ቁርጠት አልነበረም፤ አንዴ ከወጣ በኋላ እዚያው ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሕመም ነው።

ታላቅ እህቷ «አይዞሽ የኔ እናት፣ ጨጓራሽ ነው» ብላ ተልባ በጥብጣ አጠጣቻት፤ ቤት ውስጥ የነበረ ኦሜፕራዞልም ሰጠቻት። ከንጋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ሕመሙ መላላት ጀመረ፤ ሁለት ሰዓት ላይ ጭራሽ የለም። ደክማ ተኛች። ከእንቅልፏ ስትነቃ ሆዷ ላይ ስትጫነው ትንሽ ከመቁሰል በቀር ምንም አልነበረባትም። ምስጋናውን ተልባው ወሰደ።

የሐሞት ጠጠር ሕመም መልክ ይህ ነው። ከምግብ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ከሩብ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ሳይወርድ ይቆያል፤ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ እምብዛም አይሆንም፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አምስት ሰዓት ነው። ከዚያ ይለቅና ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ይውላል፤ ቀጣዩ ከሳምንት ወይም ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ራት ተበልቶ ከተተኛ በኋላ፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ከእንቅልፍ መቀስቀስ የታወቀ ጠባዩ ነው። ከምግብ ጋር ጭራሽ የማይያያዝበትም ጊዜ አለ፤ ስለዚህ «ቅባት አልበላሁም፣ ሐሞት ሊሆን አይችልም» ማለት አያስኬድም።

የጨጓራ ሕመም ጠባዩ ሌላ ነው። ያቃጥላል፣ ይጎመዝዛል፣ ይነፋል፤ ቀን ከቀን፣ ሳምንት ከሳምንት ይመላለሳል፤ አንዳንዴ በባዶ ሆድ ይብስና ሲበሉለት ይቀላል። የአሲድ መድኃኒት ሲወሰድ ብዙ ጊዜ ይለዝባል። የሐሞት ጠጠር ሕመም ለአሲድ መድኃኒት ግድ የለውም፤ የሚለቀው ጠጠሩ ሲለቅ ነው። ችግሩ በራሱ ሰዓት የሚለቅ ሕመም መጨረሻ ላይ ለተወሰደው ነገር ሁሉ ስም ማውጣቱ ነው። ተልባው፣ ክኒኑ፣ ወይም ጎረቤት ያመጣችው ዝንጅብል አዳነኝ ተብሎ ይቀመጣል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ እሱኑ እየጠበቁ ሰዓት ያልፋል።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ፤ ስለሱ ማንም ስለማይናገር እዚህ ላይ ልቁም። ከምግብ በኋላ መነፋት፣ ማግሳትና ማቃጠል ብቻ ያለበት ሰው አልትራሳውንድ ታይቶ ጠጠር ሊገኝበት ይችላል። ጠጠር ካላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን ምንም ሳያማቸው ይኖራሉ። የዚያ ሰው መነፋት ከጠጠሩ ጋር ላይገናኝ ይችላል፤ ከረጢቷ ብትወጣም መነፋቱ ሊቀጥል ይችላል። ቀዶ ሕክምና ከመወሰኑ በፊት ሐኪሙ ሕመሙ ስንት ሰዓት እንደሚቆይና እንዴት እንደሚመጣ አጥብቆ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ምንም ያላመመ ጠጠር በአብዛኛው አይነካም።

ወደ እናቲቱ እንመለስ። ግንቦት ላይ ሰርግ ነበረባት። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ክትፎና ጥብስ በላች። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ያው የምታውቀው ሕመም ጀመራት። እንደ ባለፈው ይለቃል ብላ ጠበቀች። ስምንት ሰዓት ሌሊት አልለቀቀም። ዘጠኝ ሰዓትም አልለቀቀም። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስድስት ሰዓት ሞላው፤ በዚህ ጊዜ ሕመሙ መልኩን ቀይሮ ነበር። ቀድሞ እንደልቧ ትንቆራጠጥ የነበረችው አሁን መንቀሳቀስ ፈራች። በረጅሙ ስትተነፍስ ቀኝ ጎድኗ ሥር እንደ ስለት ይወጋታል፤ እዚያው ቦታ ላይ እጅ ማሳረፍ አይቻልም። ብርድ ብርድ አላት፤ ሰውነቷ ተኮሰ።

የሆነው ይህ ነው። ጠጠሩ ከአንገቱ አልተመለሰም። መውጫ ያጣው ሐሞት የከረጢቷን ግድግዳ አስቆጥቶ አሳብጦታል፤ በሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያም ሊራባበት ይችላል። ሐኪሞች አጣዳፊ የሐሞት ከረጢት ብግነት ይሉታል። ከጠጠር ሕመም የሚለየው ከአምስት ስድስት ሰዓት በላይ መቆየቱ፣ ትኩሳት መጨመሩና ሲነካ ማመሙ ነው። በዚህ ሁኔታ ሳይታከም የቆየ ከረጢት ሊመግል፣ ግድግዳው ሊሞትና ሊቀደድ ይችላል።

እናቲቱ ድንገተኛ ክፍል የደረሰችው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሐኪሙ ጣቶቹን ከቀኝ ጎድኗ ጠርዝ ሥር አሳርፎ «እስቲ ወደ ውስጥ በደንብ ይተንፍሱ» አላት። ትንፋሿን ስትስብ ጉበቷ ከረጢቷን ይዞ ወደ ታች ወረደ፤ ያበጠችው ከረጢት የሐኪሙን ጣት ስትነካ ትንፋሿ መሐል ላይ ተቆረጠ። የመርፊ ምልክት የሚባለው ይህ ነው፤ በቺካጎ በነበረው ቀዶ ሐኪም በጆን መርፊ ስም የተጠራ ነው፤ ዛሬም ያለ ምንም መሣሪያ ብዙ ይናገራል። አልትራሳውንዱ ሦስት ጠጠሮች አሳየ፤ አንዱ አንገቱ ላይ ተሰንቅሯል። የከረጢቷ ግድግዳ ስድስት ሚሊ ሜትር ሆኗል፤ የጤነኛው ከሦስት አይበልጥም። በደም ሥር ፈሳሽ፣ የሕመም ማስታገሻና አንቲባዮቲክ ተጀመረላት፤ በማግስቱ ከረጢቷ ወጣች።

«መጀመሪያ ብግነቱ ይብረድና ከሁለት ወር በኋላ ተመለሱ» የሚባልበት ጊዜ ነበር፤ አሁንም አልጋና የቀዶ ጥገና ተራ በማይገኝበት ቦታ ይደረጋል። ይሁንና አቅም ባለበት ሆስፒታል ሕመሙ በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ መውጣቱ የተሻለ ነው፤ ሲጠበቅ ሕመሙ መልሶ የሚነሣባቸው ጥቂቶች አይደሉምና። ለዚህም በአምስተኛው ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን መድረስ ዋጋ አለው።

ብግነት አንዱ አደጋ ነው። ሁለት ሌሎች አሉ፤ ሁለቱም ጠጠሩ ከከረጢቷ ወጥቶ ወደ ዋናው የሐሞት ቱቦ ሲወርድ የሚመጡ ናቸው።

ጠጠር ዋናውን ቱቦ ሲዘጋ ሐሞት ወደ ደም ይመለሳል። ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ይጠቁራል፤ ሰገራ ይነጣል፤ የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ይሆናል፤ ሰውነት ያሳክካል። ከዓይኑ በፊት ብዙ ጊዜ ሽንቱ ይቀድማል፤ ስለዚህ ከቅባት በኋላ ሕመም የያዘው ሰው በማግስቱ የሽንቱን ቀለም ልብ ቢል ደግ ነው። በኛ አገር ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ወደ ባሕል መድኃኒት ሲወሰድ እናያለን። ቢጫነቱ ላይ ትኩሳትና የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ከተጨመረ ግን የታገደው ሐሞት ተመርዟል ማለት ነው፤ መርዙ በሰዓታት ውስጥ ወደ ደም ይሰራጫል። የቀኝ ጎድን ሕመም፣ ትኩሳት ከነመንቀጥቀጡ፣ የዓይን ቢጫነት፦ እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ በ19ኛው መቶ ዘመን ጽፏቸዋል። ሦስቱም የተሟሉበት ሰው፣ በተለይም መቃዠት ወይም መፍዘዝ ከታየበት፣ ለባሕል መድኃኒትም ሆነ ለነገ የሚሆን ጊዜ የለውም። ሕክምናው አንቲባዮቲክ ብቻ አይደለም፤ የተዘጋው ቱቦ መከፈት አለበት። ይህን በአፍ በሚገባ ካሜራ የሚያደርገው መሣሪያ በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም፤ ሪፈር የሚባል ከሆነ በጊዜ መሄድ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ሌላው የቆሽት ብግነት ነው። የሐሞት ቱቦና የቆሽት ቱቦ ወደ አንጀት የሚገቡት በአንድ በር ስለሆነ በበሩ ላይ የተቀረቀረ ትንሽ ጠጠር ቆሽትን ያስቆጣል። እዚህ ላይ ትንሹ ጠጠር ከትልቁ ይበልጥ ያሰጋል፤ ሾልኮ እዚያ የሚደርሰው እሱ ነውና። ሕመሙ ከእምብርት በላይ መሐል ላይ ሆኖ ቀጥ ብሎ ወደ ጀርባ ያልፋል፤ በጣም ብርቱ ነው፤ ሲጎነበሱለት ትንሽ ይቀላል፤ ማስመለሱ አይቆምም። በሰዓታት የሚለቅ አይደለም፤ ቀናት ይቆያል። ሆስፒታል ተኝቶ የሚታከም ነው።

ሁሉም ሕመምተኛ እንደ መጽሐፉ አይታመምም። አዛውንቶችና የስኳር ሕመምተኞች ከረጢታቸው መግሎ እያለ ሕመሙ መለስተኛ፣ ትኩሳቱም ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ አባት ወይም እናት ከቅባት ምግብ በኋላ እምብዛም ሳያማቸው መብላት አቁመው ከፈዘዙ ያ ብቻውን ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በመጨረሻዎቹ ወራት ከቀኝ ጎድኗ ሥር ካመማት፣ በተለይም ከራስ ምታት ወይም ከዓይን ብዥታ ጋር ከሆነ፣ ሐሞት ነው ብላ አትጠብቅ፤ የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል ያኑኑ ጊዜ መታየት አለባት። ልብም አለ። ከእምብርት በላይ የሚጨመድድ ሕመም ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ መዛመት ካለው ምግቡን ትቶ ወዲያው የልብ ምርመራ ማድረግ ይገባል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሆዴን ያለ ሰው ደረቱ ላይ ሽቦ ሲለጠፍበት ግራ ሊገባው አይገባም።

ሕመሙ ሲጀምር ቤት ውስጥ የሚደረገው ጥቂት ነው። የጀመረበትን ሰዓት መያዝ፣ መብላት ማቆም፣ ትኩሳት መለካት። ሐኪም ቤት ለሐሞት ጠጠር ሕመም ዲክሎፌናክ መርፌ ብዙ ጊዜ በደንብ ይሠራል፤ ግን የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም እርግዝና ላለበት ሰው አይሆንም፤ ከመድኃኒት ቤት በግምት የሚገዛ ነገር አይደለም። ማስታገሻ ሕመሙን ቢያበርደውም ሰዓቱን አያቆመውም፤ ስድስት ሰዓት አልፎ እየቆየ ያለ ወይም ትኩሳት የተጨመረበት ሕመም ክኒን አበረደው ተብሎ አይታለፍም። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞረው የወይራ ዘይትና የሎሚ ውህድም አለ፤ የጠጡት ሰዎች በማግስቱ አረንጓዴ ጠጠር ወጣልኝ ይላሉ። ያ ተመርምሮ ታይቷል፤ ዘይቱና ሎሚው በአንጀት ውስጥ ተዋህደው የሠሩት ሳሙና ነው። ጠጠሩ እዚያው አለ፤ አንድ ብርጭቆ ዘይት ደግሞ ከረጢቷን በኃይል ይጨምቃታል።

ሕመሙ በራሱ የለቀቀለት ሰውም በሚቀጥሉት ሳምንታት በተረጋጋ ጊዜ መታየት አለበት። አልትራሳውንዱ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሳይበሉ ሲታይ ይሻላል፤ ያኔ ከረጢቷ ሞልታ ጠጠሩ በግልጽ ይታያል። በከረጢቷ ውስጥ ያለውን ጠጠር እምብዛም አይስተውም፤ ዋናው ቱቦ ውስጥ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ ሊስት ስለሚችል ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው የደም ምርመራም ያስፈልገዋል። ለሐኪሙ የሚነገረው ታሪክ ከምስሉ እኩል ይመዝናል። «ሆዴን አመመኝ» ከማለት «ማታ ሁለት ሰዓት በላሁ፣ አራት ተኩል ላይ ጀመረኝ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ለቀቀኝ፣ እንዲህ ሲያደርገኝ ይህ ሁለተኛዬ ነው» ማለት ግማሹን ምርመራ ይሠራል።

ቀዶ ሕክምናው ጠጠሩን ለይቶ አያወጣም፤ ከረጢቷን ከነጠጠሯ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በ1882 በርሊን ውስጥ ካርል ላንገንቡክ ሠራው፤ በ1985 ደግሞ ሌላው ጀርመናዊ ኤሪክ ሙሄ ሆድን ሳይከፍት በጠባብ ቀዳዳ አደረገው። ዛሬ በካሜራ የሚሠራው ከዚያ የመጣ ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ጉበት ሐሞቱን በቀጥታ ወደ አንጀት ያንጠባጥባል። አንዳንዱ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ቅባት ሲበዛበት ሰገራው ይቀጥናል፤ አብዛኛው ሰው እንደ ልቡ ይበላል።

ተራ እየጠበቀ ላለ ሰው ግን ማዕዱ ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይሻል። ቅባቱን ጨርሶ ትቶ መራብ አይመከርም፤ ከረጢቷ ሳትጨመቅ ስትቆይና ኪሎ በፍጥነት ሲቀንስ ጠጠር ይብሳል። ትንሽ በትንሹ፣ በየጊዜው መብላት ይሻላል፤ ክትፎውን በአንድ ራት ከመጨረስ አንድ ሁለት ጉርሻ ወስዶ በሽሮና በአትክልት መሙላት፤ ዶሮ ወጡ ላይ የሰፈፈውን ቅቤ ገፋ አድርጎ መረቁን መቀነስ፤ ከባዱን ምግብ ከመኝታ ሰዓት ማራቅ። በትንሣኤ ሌሊትም ጾሙን በቀላል ነገር ፈትቶ ዶሮውን ረፋድ ላይ፣ ሐኪም ቤት ክፍት በሆነበትና ሰው በነቃበት ሰዓት፣ ጥቂት ጥቂት መቅመስ ይቻላል።